«ኮንቴይንስ» የሚል መስመር የሌለው ቺፕስ፤ ልጄ ወተት በልቶ ኢመርጀንሲ ገባ። የት ጋ ነው የሳትኩት?

የአቤል እናት (ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 4 ዓመቱ ነው፤ የወተትና የእንቁላል አለርጂ አለበት። ኦቾሎኒም በምርመራ ወጥቶበታል። ታናሽ እህቱ ደግሞ ስንዴ ስትቀምስ አፏ ዙሪያ ሽፍታ ስለሚወጣባት ለሁለቱም እያነበብኩ ነው የምገዛው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳላነብ የገዛሁት ነገር የለም ብዬ እምል ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ የባርቤኪው ጣዕም ያለው የድንች ቺፕስ ገዛሁ። ፊቱ ላይ አይብ የለ፣ ክሬም የለ። ገልብጬ ከታች «ኮንቴይንስ» የሚለውን፣ ይዟል ማለት ነው፣ ፈለግሁ፤ አጣሁት። «ሜይ ኮንቴይን»፣ ሊይዝ ይችላል የሚልም የለም። ስለዚህ ምንም የለበትም ብዬ ሰጠሁት። አንድ እፍኝ ያህል በላ። 10 ደቂቃ ሳይሞላ አንገቱና ሆዱ ላይ ሽፍታ ወጣበት፣ አስመለሰው፣ ድምፁ ሻከረ። የኤፒነፍሪን መርፌውን ጭኑ ላይ ወጋሁትና 911 ደወልኩ። አሁን ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሆስፒታል ነርሷ ፓኬቱን አይታ መሃል ላይ በጣቷ አሳየችኝ። ወደ አማርኛ መልሼ ልጻፍላችሁ፦

«ድንች፣ የሱፍ ዘይት፣ ቅመም (ስኳር፣ ጨው፣ ዴክስትሮስ፣ የሽንኩርት ዱቄት፣ ዌይ (ወተት)፣ የነጭ ሽንኩርት ዱቄት፣ የቲማቲም ዱቄት፣ ፓፕሪካ፣ ተፈጥሯዊ ማጣፈጫ)።»

ይኸው ነው። ከዚህ በታች ምንም የለም። ጥያቄዬ፦ ይህ ሕጋዊ ነው? «ኮንቴይንስ» ብሎ መጻፍ ግዴታ አይደለም እንዴ?

ጉልላት (ቨርጂኒያ)

እህቴ፣ እግዚአብሔር እንኳን አተረፈልሽ። መርፌውን ሳታመነቺ መውጋትሽ ነው ያዳነው።

እኔ የምሠራው ምግብ ፋብሪካ ውስጥ በጥራት ቁጥጥር ነው። ፓኬት ከመታተሙ በፊት ጽሑፉን መፈተሽ አንዱ ሥራዬ ስለሆነ ይህን ጥያቄ በደንብ አውቀዋለሁ። አጭሩ መልስ፦ አዎ፣ ሕጋዊ ነው። አንቺ የሳትሽው ብዙ እናቶች የሚስቱትን ነው።

የአሜሪካ የአለርጂ ሕግ ከጥር 2006 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። አምራቹ ወተት ወይም እንቁላል ከተጠቀመ እንዲናገር ያስገድደዋል። የሚናገርበትን ቦታ ግን ለእሱ ትቶለታል፤ ከሁለት አንዱን ይመርጣል። አንደኛው መንገድ እዚያው ዝርዝሩ ውስጥ፣ ንጥረ ነገሩ አጠገብ በቅንፍ «ወተት» ብሎ መጻፍ ነው። ሁለተኛው ከዝርዝሩ በታች ወይም ጎን «ኮንቴይንስ» ብሎ መዘርዘር ነው። የአንቺ ቺፕስ አንደኛውን መርጧል። ስለዚህ የታችኛው መስመር አለመኖሩ ስለ ምግቡ ምንም የሚነግርሽ ነገር የለም።

መስመሩ ካለ ግን ሙሉ መሆን አለበት። «ኮንቴይንስ፦ አኩሪ አተር» ብሎ ጀምሮ ወተቱን መዝለል አይችልም። እንዲህ ያለ ካጋጠመሽ የአምራቹ ስህተት ነው፤ ምርቱ ከገበያ የሚሰበሰብበት ምክንያት ይሆናል። ፓኬቱን አትጣዪ፣ የባች ቁጥሩን ፎቶ አንሺና ለአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ ለኤፍዲኤ አመልክቺ።

አንድ ተንኮለኛ ነገር ልጨምር። ቅንፉ የሚያስፈልገው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ አንድ ቦታ «ወተት» የሚለው ቃል ከተጻፈ፣ ሌላ ቦታ ከወተት የሚገኘው «ሶዲየም ኬሲኔት» ያለ ምንም ማብራሪያ ብቻውን ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ «ቅንፍ ያለበትን ብቻ ነው የማየው» ማለትም አያዋጣም። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ነጥብ ነው የሚነበበው። በተለይ «ቅመም» ወይም «ሲዝኒንግ» ተብሎ ቅንፍ የሚከፈትበት ቦታ ላይ ቀስ በይ፤ ዌይ የሚደበቀው እዚያ ነው። ፋብሪካዎች የሚወዱት ቅመሙን ስለሚሸከምና ጣዕሙን ስለሚያለሰልስ ነው እንጂ የወተት ጣዕም ፈልገው አይደለም። ለዚህ ነው ባርቤኪው ውስጥ የተገኘው።

እማማ ሙሉ

ልጄ፣ አይዞሽ። እኔም ወተት አይስማማኝም፤ ስጠጣ ሆዴን ይነፋኛል፣ ይጮኻል። ሐኪሙ ላክቶስ የሌለው ወተት ጠጪ ብሎኝ ከዚያ ወዲህ ሰላም ነኝ። ለአቤልም እሱን ግዢለት፤ ሱፐርማርኬት ሞልቷል።

የአቤል እናት (ሜሪላንድ)

እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ ስላሰቡልን። የአቤል ግን ሌላ ነው፤ እርስዎን የሚያስቸግርዎት የወተቱ ስኳር ነው መሰለኝ። ጉልላት፣ እባክህ አስረዳልኝ፤ ለእናቴም ስልክ ላይ ስንት ጊዜ ነግሬያት አልገባ ብሏታል።

ጉልላት (ቨርጂኒያ)

እማማ ሙሉ፣ እርስዎ አይብ አውጥተው ያውቃሉና በእሱ ልንገርዎት። አሬራውን ለስ ባለ እሳት ላይ ሲጥዱት አይቡ ይረጋል፤ ከሥሩ ቢጫ መሳይ አጓት ይቀራል። ያ የረጋው አይብ በአብዛኛው ኬሲን የሚባለው ፕሮቲን ነው። አጓቱ ውስጥ ሟሙቶ የቀረው ደግሞ ሌላ ዓይነት ፕሮቲን ነው፤ ላክቶስ የሚባለው ስኳርም በብዛት ያለው እዚያ ነው። እርስዎን የሚነፋዎት ስኳሩ ነው። የአቤል ሰውነት የሚጣላው ከፕሮቲኑ ጋር ነው። ላክቶስ የሌለው ወተት ስኳሩ ተሰብሮለት እንጂ ፕሮቲኑ እንዳለ ነው፤ ለአቤል ከተራ ወተት አይለይም።

እንግዲህ ፓኬት ላይ «ዌይ» የሚለው ያ አጓት ነው፣ ደርቆ ዱቄት የሆነ። «ኬሲን» ወይም «ኬሲኔት» የሚለው አይቡ ነው። እነዚህን ሁለቱን የያዘ ሰው ግማሹን ጨርሷል።

ቡና ላይ የሚጨመረው «ነን ዴይሪ» የሚባል ዱቄት ፊቱ ላይ የወተት ምርት አይደለሁም ይላል፤ ዝርዝሩ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ኬሲኔት ይገባበታል። ኤፍዲኤ ራሱ ኬሲኔት ካለበት አጠገቡ «ከወተት የተገኘ» ተብሎ እንዲጻፍ ያዛል። ፊቱ አንድ፣ ጀርባው ሌላ። ጀርባውን እመኑ።

ንጥር ቅቤም እንዲሁ። ስናነጥር አረፋውና አተላው ሲወጣ ፕሮቲኑ አብሮ ይወጣል፣ ግን ጠቅላላ አይወጣም። የቀረችው ትንሽ ለአንዳንዱ ልጅ ትበቃለች።

በተቃራኒው በከንቱ የሚያስፈሩ ቃላት አሉ። ላክቲክ አሲድ፣ ካልሲየም ላክቴት፣ ኮኮዋ በተር፣ የኮኮናት ወተት፤ ስማቸው ወተት ይመስላል እንጂ በተለመደው አሠራር ከላም ወተት አይመጡም። አዲስ እናቶች እነዚህን ሁሉ ከልጁ ሲከለክሉ አይቻለሁ፤ ልጁ የሚበላው ያጣል።

ቃልኪዳን (ፍራንክፈርት)

ይህን ያህል ምን አስጨነቃችሁ? ደማቁን ፊደል ፈልጉ። ዝርዝሩ ውስጥ አለርጂ የሚያመጣው ሁሉ በደማቅ ይጻፋል፤ ዓይን ራሱ ይይዘዋል። እኔ ለልጄ እንደዚያ ነው የማነበው፣ 5 ሰከንድ አይፈጅም።

ጉልላት (ቨርጂኒያ)

ቃልኪዳን፣ ለአንቺ ትክክል ነሽ። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ 14 የአለርጂ ምንጮች ዝርዝሩ ውስጥ ከሌላው ጽሑፍ ተለይተው እንዲታዩ ያዛል፤ አብዛኛው አምራች ደማቅ ፊደል ይጠቀማል። አሜሪካ ውስጥ ግን ደማቅ ማድረግ ግዴታ አይደለም። አንዳንዱ ያደርጋል፣ አንዳንዱ አያደርግም። የአቤል እናት ደማቁን ብቻ ብትፈልግ ያንኑ ቺፕስ እንደገና ትገዛው ነበር።

ልዩነቱ በዝርዝሩም አለ። እናንተ ጋ ገብስ ከ14ቱ አንዱ ውስጥ ይገባል። እኛ ጋ የሚቆጠሩት 9 ናቸው፤ ሰሊጥ በ2023 ነው የተጨመረው፤ ከእህል ወገን ስንዴ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ዘመድ ከጀርመን በሻንጣ የሚያመጣውን ብስኩት በአሜሪካ ልማድ፣ የአሜሪካውን በጀርመን ልማድ ማንበብ ያሳስታል።

ፍሬሕይወት

እኔ የምለው ቀላል ነው። እኛ ጾመኞች ይህን ስንሠራ ኖረናል! በሁዳዴ ብስኩት ስገዛ «ቪጋን» የሚል ነው የማነሳው። ወተትም እንቁላልም ቅቤም የለበትም ማለት ነው። ለአቤልም እሱ ይሆነዋል።

ሰብለ ነርሷ (ሲያትል)

ፍሬሕይወት እቴ፣ ለጾም ይበቃሻል፤ ለአለርጂ ግን አይበቃም። ቪጋን ማለት ወተት ሆን ተብሎ አልገባም ነው። በዚያው ማሽን ጠዋት የወተት ቸኮሌት ተሠርቶ ከሰዓት የአንቺ ብስኩት ቢሠራ ጾምሽን አያፈርስም። ልጁን ግን ሊያሳምመው ይችላል።

ጥቁር ቸኮሌትን ውሰጂ። ኤፍዲኤ በአንድ ወቅት የ94 ጥቁር ቸኮሌቶችን ምርመራ ውጤት አውጥቶ ነበር። ወተት አለኝ ብለው የጻፉት 6 ብቻ ነበሩ። ከቀሩት 88 ውስጥ 51ዱ ወተት ተገኘባቸው። ምክንያቱ ማሽኑ ነው፤ ቸኮሌት የሚሠራበት መስመር በውኃ አይታጠብም፣ ውኃ ቸኮሌቱን ያበላሸዋል። ስለዚህ የፊተኛው የወተት ቸኮሌት ትራፊ ወደ ቀጣዩ ይሻገራል።

«ሜይ ኮንቴይን» የሚለው ማስጠንቀቂያ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በፈቃድ ነው። የሚጽፈው ይጽፋል፣ የማይጽፈው አይጽፍም። «በአንድ መስመር ላይ የተሠራ»፣ «በአንድ ፋብሪካ የተሠራ»፣ «ሊኖርበት ይችላል» የሚሉት ቃላትም እንደ ደረጃ የሚነበቡ አይደሉም፤ አንዱ ከሌላው ያነሰ አደጋ አለው ማለት አይቻልም። እኔ ክሊኒክ ውስጥ ለቤተሰቦች የምነግረው በእንደዚህ ያሉ ምርቶች ላይ ጥቁር ቸኮሌትን ጨምሮ ወደ ኩባንያው እንዲደውሉ ነው።

ቢኒ

ሰብለ ያጋነነች መሰለኝ። ዝርዝሩ በክብደት ቅደም ተከተል ነው የሚጻፈው፣ ብዙው መጀመሪያ፣ ትንሹ መጨረሻ። ዌይ ከሽንኩርት ዱቄት በኋላ ከሆነ ቅንጣት ነው። በቅንጣት ልጅ እንዲህ አይሆንም፤ ሌላ ነገር ይሆናል የበላው።

ጉልላት (ቨርጂኒያ)

ቢኒ፣ የቅደም ተከተሉ ነገር እውነት ነው። ከእሱ ተነስተህ የደረስክበት ግን ስህተት ነው፤ በቁጥር እንየው።

አንድ ትንሽ ፓኬት ቺፕስ 28 ግራም ነው። የዌይ ዱቄቱ ከጠቅላላው 1 በመቶ ብቻ ነው እንበል። 280 ሚሊግራም ይሆናል። ተራ የዌይ ዱቄት ከመቶው 12 ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ ስለዚህ ፓኬቱ ውስጥ 34 ሚሊግራም ገደማ የወተት ፕሮቲን አለ። በእኛ ሙያ በጣም ስሱ የሆኑትን ለመጠበቅ እንደ መነሻ የሚያዘው መጠን 0.2 ሚሊግራም ነው፤ የወተት አለርጂ ካለባቸው ሰዎች ከመቶው 1 ያህሉ በዚያ መጠን ምልክት ሊያሳይ ይችላል ተብሎ የተሰላ ነው። 34ን ለ0.2 አካፍለው፤ 170 እጥፍ ነው። አቤል ግማሹን ቢበላ እንኳ በጣም ብዙ ነው። ለቅመም ያህል የምንለው ለአለርጂ ብዙ ነው።

ዱባይ ያለሁት

ይቅርታ፣ እኔ የሌላ ሰው ልጅ ነው የማሳድገው። እመቤቴ የልጁ አለርጂ ኦቾሎኒ ነው ብላ አስተምራኛለች፤ ፓኬት የማነበው በአረብኛ ነው፣ ቀስ በቀስ ለምጄዋለሁ። አንድ ቀን ኬክ ላይ «ሎዝ» የሚል አይቼ ለውዝ ነው ብዬ ጣልኩት። እመቤቴ ተቆጣች፤ ያ ለልጁ ይሆናል አለችኝ። ሌላ ቀን ደግሞ «ፉል ሱዳኒ» የሚል አይቼ ፉል ነው፣ ባቄላ ነው ብዬ ልሰጠው ስል እሷ ደርሳ ከእጄ ነጠቀችኝ። እጄ ሁለት ቀን ሲንቀጠቀጥ ነበር። ምን ማለት ነው?

መምህር (ባሕር ዳር)

እህቴ፣ የተቀላቀለብሽ ቋንቋው ነው፤ ከጥንቃቄሽ የመጣ ስህተት ስለሆነ አትዘኚ። በአረብኛ «ሎዝ» የሚባለው ፈረንጆች አልመንድ የሚሉት የዛፍ ፍሬ ነው። መጽሐፍ ቅዱሳችን ውስጥ ያለውም «ለውዝ» እሱ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ለውዝ የምንለው ቆልተን በወረቀት የምንሸጠውን፣ ኦቾሎኒውን ነው። የለውዝ ቅቤ የምንለውም የኦቾሎኒ ነው። ስለዚህ ስሙ አንድ ሆኖ ነገሩ ሁለት ነው።

አረቦች ኦቾሎኒን «ፉል ሱዳኒ» ይሉታል፣ የሱዳን ባቄላ እንደ ማለት። አንቺ ልትጠነቀቂ የሚገባሽ ከዚህ ነው። «ዙብደት ፉል ሱዳኒ» ካለ የኦቾሎኒ ቅቤ ነው። ሎዝ ለልጁ ከተፈቀደ ይፈቀድ፤ ያ የእናቱና የሐኪሙ ነገር ነው። ዱባይ የሚሸጥ ምግብ ላይ «የሕተዊ ዓላ» ማለት ይዟል ነው፣ «ቀድ የሕተዊ» ማለት ሊይዝ ይችላል ነው። ሁለቱን ካየሽ ከኋላቸው ያለውን ቃል ለእመቤትሽ አሳዪ።

የስም ነገር ካነሣን አንድ ከአገር ቤት ልጨምር፤ ለስንዴ የሚጨነቀውን ይመለከታል። «አጃ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ሱፐርማርኬት ገብቶ አጃ የሚል ሰው የፈረንጁን ኦትስ ይሰጡታል። በየገበያው አጃ የሚባለው ግን ገለባ የሚይዝ የቆየ የስንዴ ዓይነት ነው፤ ፈረንጆች ኤመር ይሉታል። ገንፎውም ቂንጬውም ከእሱ ይሠራል። ስንዴ ነው፣ ለስንዴ አለርጂ እንደ ስንዴ ያለ ነው። ዘመድ «የአጃ ዱቄት ልኬልሻለሁ፣ ለሕፃን ጥሩ ነው» ሲል የትኛው አጃ እንደሆነ ጠይቂ። የአሜሪካ ሕግ ኤመርንም ስፔልትንም ዱረምንም በስንዴ ነው የሚቆጥራቸው፤ ሴሞሊናም ስንዴ ነው።

የአቤል እናት (ሜሪላንድ)

መምህር፣ አፌን ከፈትኩ። አክስቴ ለልጅቷ ሁለት ኪሎ የአጃ ዱቄት ልካልኛለች፤ ጓዳ ውስጥ ተቀምጧል። አሁኑኑ አነሳዋለሁ። እንጀራስ? ለልጅቷ የጤፍ ነው ብዬ ነው የምገዛው።

ሠናይት (አሌክሳንድሪያ)

የጤፍ እንጀራ ላይ እኔ ልናገር፣ እንጀራ ጋግሬ ስለምሸጥ። እዚህ ያለን ብዙዎቻችን ጤፉ ላይ ሌላ እንጨምራለን። ገብስ የሚጨምር አለ፤ ሰልፍ ራይዚንግ ዱቄት የሚጨምር አለ፣ እሱ ስንዴ ነው። የሚጨመረው እንዲነሳና ዋጋው እንዲቀንስ ነው። በፓኬት ታሽጎ ዝርዝር ያለው ከሆነ አንብቢው። ሬስቶራንት ትሪ ላይ የመጣው ግን ምንም ጽሑፍ የለውም፣ ከጋጋሪው አፍ መስማት ብቻ ነው። «ሙሉ ጤፍ ነው?» ብለሽ አትጠይቂ፣ ሁሉም አዎ ይላል። «ምን ዱቄት ነው የምትቀላቅሉት?» በይ፤ ያኔ ይነግሩሻል። እኔ እንደዚያ ሲጠይቁኝ ሳልዋሽ እነግራለሁ።

ቃልኪዳን (ፍራንክፈርት)

«ግሉተን ፍሪ» የሚለውን ትግዛ እንጂ። ግሉተን የሌለው ስንዴም የለውም።

ሰብለ ነርሷ (ሲያትል)

አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነሽ፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ግሉተን የሚባለው ፕሮቲን የወጣለት የስንዴ ስታርች አለ፤ አውሮፓ ውስጥ በብዛት ይጠቀሙበታል። የግሉተን መጠኑ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም በታች ከሆነ ግሉተን ፍሪ መባል ይችላል። እዚህ እንዲህ ያለ ሲሸጥ ዝርዝሩ ላይ ስንዴ ተብሎ ይጻፋል፤ ስለዚህ ፊቱ ግሉተን ፍሪ፣ ጀርባው ስንዴ የሚል ፓኬት ማየት ይቻላል። ሴሊያክ ለሚባለው፣ ግሉተን አንጀትን ለሚጎዳበት ሕመም ተሠርቶ ይሆናል፤ ለስንዴ አለርጂ ግን አልተሠራም። ሶይ ሶስንም እዩት፣ የተለመደው ስንዴ አለበት።

የአቤል እናት (ሜሪላንድ)

ሁለተኛ ፓኬት ላሳያችሁ። ጾም ስለሆነ ለራሳችን የገዛሁት «ቬጂ በርገር» ነው፣ አቤል ይለምነኛል። ዝርዝሩ፦ «ውኃ፣ የአተር ፕሮቲን፣ የካኖላ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ አልበመን ዱቄት (እንቁላል)፣ ሜቲልሴሉሎስ፣ ጨው፣ ቅመማ ቅመም»። ይህ አልበመን ምንድን ነው? ፊቱ ላይ ቬጀቴሪያን ይላል።

ጉልላት (ቨርጂኒያ)

እንቁላል ነጩ ነው። ቬጀቴሪያን ማለት ሥጋ የለውም ነው፤ እንቁላል ይፈቅዳል። በርገሩ ምጣድ ላይ እንዳይበታተን የሚይዘው እሱ ነው። ለአቤል አይሆንም፣ ለእናንተም ለጾሙ አይሆንም።

በዚያው አንድ ነገር፦ በካርቶን የሚሸጥ «ኤግ ሰብስቲትዩት» የሚባል ፈሳሽ አለ። ስሙ የእንቁላል ምትክ ነው፤ አብዛኛው ግን የተሠራው ከእንቁላል ነጭ ነው። አስኳሉን ብቻ ነው የተካው። ከስታርች የሚሠራው፣ «ኤግ ሪፕሌሰር» የሚባለው ዱቄት ሌላ ነው። አንድ እናት ሁለቱን አሳስታ ለልጇ የልደት ኬክ ስትጋግር አውቃለሁ። ሌሲቲን የሚል ካያችሁ ደግሞ ምንጩን ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ከአኩሪ አተር ነው፣ ከእንቁላልም ይገኛል።

ቋሊማና ዶሮ ናጌት ላይም ቀስ በሉ። ሥጋና ዶሮን የሚቆጣጠረው ኤፍዲኤ ሳይሆን የእርሻ ሚኒስቴሩ ነው፣ የ2006ቱ ሕግም በቀጥታ አይዛቸውም። ዝርዝሩ ሁሉንም ይጽፋል፤ አጠገቡ «ወተት» ብሎ መተርጎሙ ግን በፈቃድ ነው። ቋሊማ ላይ «ሶዲየም ኬሲኔት» ብቻውን ልታገኚ ትችያለሽ። አይቡ መሆኑን ያኔ ከራስሽ ታመጪዋለሽ።

ቦሌ አካባቢ

እኛ ጋ የምንበላው ብስኩት ብዙው ከቱርክ ነው፣ ፊደሉን አናውቀውም። የልጄ እንቁላልና ኦቾሎኒ ነው። ሻጩ ምንም የለበትም ይላል።

ጉልላት (ቨርጂኒያ)

ወንድሜ፣ ሻጩ አያውቅም፤ አትጠይቀው። ቱርክኛ ላይ «ዩሙርታ» እንቁላል ነው፣ «የር ፍስትእ» ኦቾሎኒ። ወተት የሚያሳስበው ካለ «ሱት» ወተት ነው፤ «ፔይኒር አልተ ሱዩ» ደግሞ ቃል በቃል ከአይብ ሥር ያለ ውኃ ማለት ነው፣ አጓት። የፓኬቱን ጀርባ ፎቶ አንሥተህ እዚህ ብትለጥፍ ቱርክኛ የሚያነብ እንደሚገኝ አልጠራጠርም። የጅምላው ነገር ሌላ አደጋ አለው፦ ከካርቶኑ ወጥቶ በፍሬ የሚሸጠው ብስኩት ዝርዝሩ ካርቶኑ ላይ ቀርቷል። እሱን ለልጅህ አትግዛ።

ሰብለ ነርሷ (ሲያትል)

ቅመምም አትርሱ። በ2015 መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ የተፈጨ ከሙን ላይ ያልተጻፈ ኦቾሎኒ ተገኝቶ ብዙ ምርት ተሰብስቧል። ፓኬቱን ያነበበ ሰው እንኳ ሊያውቀው አይችልም ነበር። እኔ ለኦቾሎኒ አለርጂ ላለባቸው ቤተሰቦች ከሙኑን ሳይፈጭ ገዝተው ቤት እንዲፈጩ እነግራለሁ።

ቢኒ

ጉልላት፣ ቁጥሩ አሳመነኝ። ግን እንደዚህ ከሆነ «ሜይ ኮንቴይን» የሚለውን ሁሉ ትተን ምን እንብላ? የጓደኛዬ ልጅ ይበላል፣ አንድም ቀን አልታመመም።

ጉልላት (ቨርጂኒያ)

እሱ ላይ እኔም ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም። ሐኪሞችም በአንድ ቃል አይናገሩም፤ የልጁ ታሪክና የስሱነቱ መጠን ይወስናል። የእኔ ሚስት አትገዛም፣ እህቴ ትገዛለች። የጓደኛህ ልጅ እስካሁን ያልታመመው እሱ በበላው ባች ውስጥ ትራፊ ስላልነበረ ሊሆን ይችላል፤ ትራፊው በአንዱ ፓኬት ኖሮ በሌላው ይጠፋል።

ሰብለ ነርሷ (ሲያትል)

እኔ ጥብቅ ነኝ፤ አናፊላክሲስ፣ ያንን ሕይወት የሚያሰጋ ከባድ የአለርጂ ምላሽ ላሳየ ልጅ አትስጡ እላለሁ። ጉልላት ለዘብ ብሏል፤ በዚህ አንስማማም።

የአቤል እናት (ሜሪላንድ)

ዛሬ ጠዋት ወደ ቺፕሱ ኩባንያ ደወልኩ። ከፓኬቱ ላይ የባች ቁጥሩን ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ተራው የጨው ጣዕም ያለው ቺፕስ ከባርቤኪው ጋር በአንድ መስመር ይሠራል ወይ አልኳቸው። አዎ አሉ፤ በመሃል ይታጠባል፣ ለወተት ይመረመራል፣ ግን ማረጋገጫ በጽሑፍ አንሰጥም አሉኝ። እኔም ተውኩት።

አጃውን ለጎረቤቴ ሰጠሁ። አሁን ጓዳዬ ውስጥ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ እያወጣሁ ከላይ እስከ ታች እያነበብኩ ነው፤ እስካሁን አንድ ቋሊማና አንድ የሾርባ ኩብ አግኝቻለሁ። የሾርባ ኩቡ ላይ «ሃይድሮላይዝድ የስንዴ ፕሮቲን» ይላል። ጠረጴዛው ላይ 30 ያህል ፓኬት ይቀረኛል፤ የማላውቀው ቃል ሲገጥመኝ እዚሁ እጽፋለሁ፣ አትጥፉ።

ዱባይ ያለሁት

መምህር፣ እመቤቴ ጋ አብረን ፍሪጁን ከፈትን። «ፉል ሱዳኒ» የሚል አንድ ሶስ ተገኘ፣ እሷም አላየችውም ነበር። ጣለችው።